አክሲዮን መልሶ የሚገዛው በማን ገንዘብ ነው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ካፒታል የባለአክሲዮኖች ገንዘብ ነው፤ ያዋጡትን መልሰው ቢወስዱ የሚጎዳ ሰው የለም። አበዳሪ እምነት ካጣ መያዣ ይጠይቅ፣ በውል ይጠበቅ። በምዝገባ ወረቀት ላይ የሰፈረ ቁጥር ዕዳ አይከፍልም። ዳይሬክተሮቹ ዕዳችንን መክፈል እንችላለን ብለው ከፈረሙ ማስታወቂያውና የባለገንዘቦች ተቃውሞ የሚባለው ሁሉ ሥራ ማጓተቻ ነው። በአሜሪካ ኩባንያዎች የራሳቸውን አክሲዮን በየቀኑ ይገዛሉ፤ እኛ ግን በ1952 ዓ.ም. አስተሳሰብ ታስረናል።»

ጽሑፉን ያነበብኩት ጅማ ውስጥ ሒሳብ በምሠራበት ቢሮ ነው። የምይዛቸው መዝገቦች አብዛኞቹ የቡና ስለሆኑ ምላሼንም በቡና አስረዳለሁ። የምጀምረው ከሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከጽሑፉ ሁሉ ግማሽ እውነት የያዘው እሱ ሲሆን የሌሎቹም ስሕተት የሚመነጨው ከዚያው ነው።

ካፒታል በካዝና የተቀመጠ ብር እንዳልሆነ እኔም እስማማለሁ። ባለአክሲዮኖች ያዋጡት ገንዘብ ብዙ ሳይቆይ ተለውጦ መፈልፈያ፣ ማድረቂያ አልጋ፣ መጋዘንና በጆንያ የታሰረ ቡና ሆኗል። በሒሳብ መግለጫው ላይም የካፒታል ቁጥር የሚሰፍረው ከንብረቱ ጋር አይደለም፤ ንብረቱ ከየት እንደመጣ በሚነገርበት፣ ዕዳው በተዘረዘረበት በኩል ነው። ስለዚህ ይህ ቁጥር በራሱ ለማንም ክፍያ አይፈጽምም። ሥራው ድንበር መሆን ነው። ከማኅበሩ ንብረት ላይ ዕዳው ሁሉ ሲቀነስ የሚተርፈውን የተጣራ ሀብት ከካፒታሉና ሕግ ከትርፍ ላይ እንዲቀመጥ ከሚያዘው የሕግ መጠባበቂያ ድምር በታች የሚያወርድ ማንኛውም ክፍያ ለባለአክሲዮን አይፈጸምም። በኪሳራ ከድንበሩ በታች መውረድ ይቻላል፤ ንግድ ነውና። ለባለቤቶች በማከፋፈል ግን አይቻልም። ሕጉ ካፒታልን ይጠብቃል ሲባል የሚጠብቀው ከዚህ ከሁለተኛው ነው፤ ቡና ዋጋው እንዳይወርድ የሚከለክል ሕግ የለም።

ይህ ድንበር ሲነሣ የሚሆነውን በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። በጅማ ዞን እሸት ቡና እየገዛ አጥቦ የሚሸጥ አንድ አክሲዮን ማኅበር አለ እንበል። እያንዳንዳቸው 1,000 ብር የሆኑ 12,000 አክሲዮኖች ስላሉት ካፒታሉ 12 ሚሊዮን ብር ነው፤ የሕግ መጠባበቂያው 1 ሚሊዮን፣ ያልተከፋፈለ ትርፉ 3 ሚሊዮን ነው። በንብረት በኩል 9 ሚሊዮን ጥሬ ገንዘብ፣ 15 ሚሊዮን የሚያወጣ ቡና፣ ከደንበኞች የሚሰበሰብ 4 ሚሊዮን፣ እንዲሁም 10 ሚሊዮን የሚገመት መጋዘንና ማሽን አለው፤ ድምሩ 38 ሚሊዮን ነው። ከዚህ ላይ ለባንክ 14 ሚሊዮን፣ እሸት ቡናቸውን በዱቤ ላስረከቡ ገበሬዎች 6 ሚሊዮን፣ ለጭነት መኪና ባለቤቶች ደግሞ 2 ሚሊዮን ዕዳ አለበት። ባንኩ መጋዘኑን፣ ማሽኑንና ቡናውን በመያዣ ይዟል። ዕዳው 22 ሚሊዮን፣ የተጣራ ሀብቱ 16 ሚሊዮን ማለት ነው።

ከመሥራቾቹ ሁለቱ 5,000 አክሲዮን አላቸው፤ ከማኅበሩ መውጣት ይፈልጋሉ። ጸሐፊው በሚመኙት ሥርዓት ማኅበሩ ራሱ እያንዳንዱን አክሲዮን በ1,600 ብር ይገዛቸውና 8 ሚሊዮን ብር ከካዝና ያወጣል። ሊከፋፈል ይችል የነበረው ትርፍ 3 ሚሊዮን ብቻ ስለነበር የቀረው 5 ሚሊዮን መጠባበቂያውንና ካፒታሉን በልቷል ማለት ነው። በዚያን ቀን የተጎዳ ሰው አይታይም። ንብረቱ 30 ሚሊዮን፣ ዕዳው 22 ሚሊዮን ነውና ማኅበሩ ዕዳውን መክፈል እችላለሁ ቢል አልዋሸም።

ቀጥሎ መጥፎ ዓመት ይመጣል። በመጋዘን ያለው ቡና 10 ሚሊዮን ብቻ ያወጣል፤ ከደንበኞች ከሚሰበሰበው ግማሹ ይቀራል፤ ማኅበሩ ሲዘጋም መጋዘኑና ማሽኑ በሐራጅ 7 ሚሊዮን ይሸጣሉ። ጠቅላላው ኪሳራ 10 ሚሊዮን ነው። እጅ ላይ ያለው አንድ ሚሊዮን ጥሬ ገንዘብ ተጨምሮ የሚገኘው 20 ሚሊዮን ሲሆን ዕዳው ግን 22 ሚሊዮን ነው። ባንኩ ከመያዣው ሽያጭ 17 ሚሊዮን ውስጥ 14 ሚሊዮኑን ሙሉ ይወስዳል። የማጣራቱን ወጪና የሠራተኞችን ደመወዝ ለጊዜው ብንተው እንኳ ለገበሬዎቹና ለመኪና ባለቤቶቹ 8 ሚሊዮን ዕዳ የቀረው 6 ሚሊዮን ነው፤ ከእያንዳንዱ ብር ላይ 75 ሳንቲም ይደርሳቸዋል።

ግዢው ባይፈጸም ኖሮ ከዚሁ ኪሳራ በኋላ 28 ሚሊዮን ይገኝ ነበር። ዕዳው በሙሉ ተከፍሎ 6 ሚሊዮን ለባለአክሲዮኖች ይተርፋል፤ ከዚያም የሁለቱ መሥራቾች ድርሻ 2.5 ሚሊዮን፣ የቀሩት ባለአክሲዮኖች ድርሻ 3.5 ሚሊዮን ይሆናል። ሁለቱ ግን 8 ሚሊዮን ይዘው ወጥተዋል። በብልጫ ያገኙት 5.5 ሚሊዮን ከሰማይ አልወረደም፤ 3.5 ሚሊዮኑን የከፈሉት በማኅበሩ ውስጥ የቀሩት ባለአክሲዮኖች፣ 2 ሚሊዮኑን የከፈሉት ደግሞ አክሲዮን የሚባል ነገር በእጃቸው ይዘው የማያውቁት ገበሬዎችና ባለመኪኖች ናቸው።

አሁን ድንበሩ ተከብሮ ግዢው በትርፉ ልክ ብቻ ተፈጽሟል እንበል። በ3 ሚሊዮን ብር 1,875 አክሲዮን ይገዛል። ያው ኪሳራ ሲደርስ 25 ሚሊዮን ይገኛል፤ ዕዳው ሁሉ ይከፈላል፤ 3 ሚሊዮን ይተርፋል። ከክፍያ የተጠበቀው 13 ሚሊዮን የካፒታልና የመጠባበቂያ ድምር 10 ሚሊዮኑን ኪሳራ ተሸክሞ አሳለፈ ማለት ነው። ኪሳራው 15 ሚሊዮን ቢሆን ኖሮ ይህም አይበቃም ነበር፤ ደንቡ ከዚህ በላይ ቃል አይገባም። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ማኅበሩ የራሱን አክሲዮን የሚገዛው በጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ፣ ሙሉ ዋጋቸው የተከፈለ አክሲዮኖችን፣ በተጣራ ትርፍ ነው መባሉ ይህንኑ ስሌት በሕግ ቋንቋ ማስፈር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግም ጉዳዩን በገደብ ያዘው እንጂ ነጻ አልለቀቀውም።

ከዚህ ተነሥተን ገንዘቡ የማን ነው ወደሚለው እንሂድ። ባለአክሲዮን ማኅበሩ ቢከስር በቤቱና በላሙ አይጠየቅም። ይህ ትልቅ መብት ነው፤ የተሰጠውም ያዋጣው ገንዘብ ከዕዳው በኋላ ተራውን እንዲጠብቅ ነው። ባለገንዘብ፣ ማለትም ከማኅበሩ ዕዳ የሚጠይቅ ሰው፣ ትርፉ ቢበዛ ከተዋዋለው በላይ አያገኝም፤ ስለዚህ ኪሳራው ሲመጣ የመጀመሪያው ተሸካሚ መሆን የለበትም። ካፒታሉን ቀድሞ አውጥቶ የተወሰነ ኃላፊነቱን ይዞ መቆየት የሚፈልግ ሰው ተራውን መዝለል ይፈልጋል።

ይህን ከማንም በተሻለ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1887 በዚያን ጊዜ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የወሰነው የትሬቨርና የዊትዎርዝ ክርክር ነው። ፍላኔል የሚባለውን የሱፍ ጨርቅ የሚያመርት አንድ ኩባንያ ከባለአክሲዮን ላይ የራሱን አክሲዮን ገዛ፤ ዋጋውን ግን ከፍሎ ሳይጨርስ ወደ ማጣራት ገባ። ሻጩ ወገን ቀሪው ሒሳብ እንዲከፈለው ከሌሎቹ ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ተሰልፎ ጠየቀ። የኩባንያው መተዳደሪያ ደንብ ግዢውን ይፈቅድ ነበር፤ ጌቶቹ ግን ደንቡ ቢፈቅድም ሕጉ አይፈቅድም ብለው ጥያቄውን ውድቅ አደረጉት። በእኛ ምሳሌ ሁለቱ መሥራቾች 4 ሚሊዮን ወስደው 4 ሚሊዮን ቀርቷቸው ቢሆን ኖሮ፣ ትናንት ከገበሬው ኋላ የነበሩት ሰዎች ዛሬ ከጎኑ ቆመው ለእሱ ሙሉ ዕዳ ይበቃ ከነበረው ገንዘብ ሊካፈሉ ነው ማለት ነው። አክሲዮን በሽያጭ ውል ወደ ዕዳ ከተለወጠ ተራ የሚባለው ነገር ጨርሶ ይጠፋል።

በውል ይጠበቁ የሚለው ምክር ለባንኩ ይሠራል። ባንክ ጠበቃ አለው፤ መያዣ ይወስዳል፤ ያለእኔ ፈቃድ አክሲዮን አትግዙ ብሎ በብድር ውሉ ያስገባል፤ በምሳሌያችንም አንድ ሳንቲም አላጣም። እሸት ቡና ግን ተለቅሞ ካደረ መፍላት ይጀምራል። ማለዳ የለቀመ ገበሬ ማታ በማጠቢያ ጣቢያው ሚዛን ፊት ሲቆም የሚሰጠው ኪሎው የተጻፈበት ደረሰኝ ነው፤ በዚያች ሰዓት የማኅበሩን የሒሳብ መግለጫ ላንብብ፣ የአክሲዮን ግዢ ክልከላ በውሉ ይግባልኝ ቢል የሚሆነው ቡናው መበላሸት ብቻ ነው። ከናካቴው ያልተዋዋሉም አሉ። በማኅበሩ መኪና የተገጨ እግረኛ ገንዘብ ጠያቂ የሆነው በፈቃዱ አይደለም። ሕጉ ለሁሉም አንድ ድንበር የሚያሰምረው እያንዳንዱ ሰው ለየራሱ ሊያሰምር ስለማይችል ነው፤ ባንኩም ቢሆን በየውሉ ይህን ከባዶ ከመጻፍ ያድነዋል።

ካፒታል ሲቀነስ ባለገንዘቦች ያላቸውን የተቃውሞ መብት በተመለከተ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ጠርተዋል። ካፒታል የሚቀነሰው አንዳንድ ጊዜ ገንዘብ ለባለአክሲዮኖች ለመመለስ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ኪሳራ የበላውን ካፒታል ከመዝገብ ለማውረድ ነው። በመጀመሪያው ብር ከማኅበሩ ይወጣል። በሁለተኛው የሚወጣ ነገር የለም፤ ቀድሞ የጠፋው መጥፋቱ ይታመናል።

ገንዘብ በሚመለስበት ጊዜ የአሠራሩ ቅደም ተከተል በብዙ አገሮች ይመሳሰላል። ድንገተኛ ጠቅላላ ጉባኤ ይወስናል፤ ውሳኔው በይፋ ይታተማል፤ ከኅትመቱ በፊት ዕዳ የተቆጠረላቸው ሰዎች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መያዣ ወይም ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ይህ እስኪፈጸም ወይም ፍርድ ቤት አይገባም እስኪል ድረስ ለባለአክሲዮኖች አይከፈልም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2017 የኩባንያ ሕግ መመሪያ ቁጥር 1132 ሕዝባዊ አክሲዮን ማኅበራትን የሚያዝዘው በዚህ መልክ ነው። «ከኅትመቱ በፊት» የሚለው ቃል የነገሩ ቁልፍ ነው። በ12 ሚሊዮን ካፒታል አምኖ ቡናውን ያስረከበ ሰው ካፒታሉ ወደ 7 ሚሊዮን ሲወርድ የተስማማበት ነገር ተለውጦበታል፤ ከቅነሳው በኋላ የመጣው ግን 7 ሚሊዮኑን አይቶ ነው የመጣው። መብቱ ማንኛውም ባለገንዘብ ባሻው ጊዜ የሚመዝዘው ዱላ አይደለም፤ በመመሪያውም መሠረት ዕዳው በቂ መያዣ ያለው ወይም ከማኅበሩ ሀብት አንጻር መያዣ የማያስፈልገው ከሆነ ተጨማሪ አይሰጠውም።

ኪሳራን ለማውረድ በሚደረገው ቅነሳ ግን የጸሐፊውን ቅሬታ በከፊል እጋራለሁ፤ የአውሮፓውም መመሪያ በዚህ ጊዜ መያዣ የመጠየቁን መብት እንዲያስቀሩ ለአገሮች ይፈቅዳል። ነገር ግን ከመዝገብ በቀር ምንም አልተነካም ማለት አይደለም። የማኅበሩ የተጣራ ሀብት በኪሳራ ወደ 7 ሚሊዮን ወርዶ፣ ካፒታሉ ግን 12 ሚሊዮን ሆኖ ተመዝግቧል እንበል፤ መጠባበቂያውም አልቋል። በሚቀጥለው ዓመት 2 ሚሊዮን ቢያተርፍ ትርፉ የጎደለውን 5 ሚሊዮን መሙላት ስላለበት ለባለአክሲዮን አይከፈልም። ካፒታሉ ወደ 7 ሚሊዮን ከተቀነሰ በኋላ ግን ያው 2 ሚሊዮን፣ ለሕግ መጠባበቂያ የሚገባው ተነሥቶለት፣ ወዲያው ሊከፋፈል ይችላል። የቀድሞዎቹ ባለገንዘቦች ቀስ እያለ ሊሞላላቸው የነበረውን፣ ኪሳራን የሚሸከም ትራስ አጡ። ስለዚህ መመሪያው በአንድ እጁ መያዣን ሲያስቀር በሌላው ከቅነሳው የተገኘው ሒሳብ ለባለአክሲዮን እንዳይከፈል ይከለክላል።

የዳይሬክተሮች ፊርማ ይበቃል የሚለው ሐሳብ ባዶ አይደለም፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው የኩባንያዎች ሕግ የግል ኩባንያዎች ያለ ፍርድ ቤት፣ ዳይሬክተሮች በሙሉ ኩባንያው በሚቀጥሉት 12 ወራት ዕዳውን መክፈል እንደሚችል ፈርመው ካፒታል እንዲቀንሱ ፈቅዳለች። ያለ በቂ ምክንያት የፈረመ በወንጀል ይጠየቃል። ፊርማው የማይደርስበትን ግን ሴኳና በተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ላይ የተነሣው ክርክር አሳይቷል። የሴኳና ንብረት የነበረ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ በአሜሪካ የተበከለ ወንዝ ከማጽዳት ጋር የተያያዘ፣ መጠኑ ገና ያልታወቀ ዕዳ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2009 ኩባንያው 135 ሚሊዮን ዩሮ ለባለቤቱ ለሴኳና አከፋፈለ፤ በወቅቱ ዕዳውን መክፈል የሚችል ነበር። የጽዳቱ ሒሳብ ከታሰበው በላይ እየከበደ ሲሄድ ኩባንያው ውሎ አድሮ መክፈል አቃተው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ዳይሬክተሮቹን ነጻ ያደረገው የባለገንዘቦችን ጥቅም የማሰብ ግዴታ የሚጀምረው ኪሳራ ሲቃረብ ነው በሚል ነው፤ ክፍፍሉ ግን ቀድሞ በሥር ፍርድ ቤቶች፣ ከገንዘብ ጠያቂ ለማሸሽ የተደረገ ነው ተብሎ በሌላ ሕግ ተነቅፎ ነበር። በአንድ ጉዳይ የፈረመው ሰው ነጻ፣ የወጣው ገንዘብ ግን ተመላሽ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የእኛ ማኅበርም 8 ሚሊዮኑን በከፈለበት ቀን ማንም ሐቀኛ ዳይሬክተር ይፈርም ነበር። ፊርማ የዕለቱን ሁኔታ ይመሰክራል፤ ትራስ የሚያስፈልገው ማንም ያላወቀው ሲመጣ ነው።

አሜሪካን በተመለከተ በአጭሩ አልፋለሁ። ብዙዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች የተመዘገቡባት የዴላዌር ክፍለ ግዛት ሕግ ካፒታሉ የጎደለበት ወይም በግዢው የሚጎድልበት ኩባንያ የራሱን አክሲዮን እንዳይገዛ ይከለክላል፤ ይህን ሆን ብለው ወይም በቸልተኝነት የጣሱ ዳይሬክተሮችም እስከ 6 ዓመት ድረስ በግል ንብረታቸው ይጠየቃሉ። ድንበሩ ከአውሮፓው የላላ መሆኑ እውነት ነው፤ ንብረትን በጊዜው ዋጋ ገምቶ ትርፍ ሀብት አለ ማለት ይቻላል። የለም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጸሐፊው ሳይነኩት ያለፉት ነገር ደግሞ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። በእኛ አካባቢ ባሉ ትንንሽ ማኅበራት አክሲዮን መልሶ መግዛት በስሙ ተጠርቶ አይመጣም። ከዓመታት በፊት ለምርመራ የቀረበልኝ የአንድ ማኅበር መዝገብ ላይ አንድ የወጣ ባለአክሲዮን ድርሻውን ለሌላ ሰው እንደሸጠ ተጽፎ ነበር፤ ገዢው የከፈለው ብር ግን በዚያው ሳምንት ከማኅበሩ በ«ብድር» የወሰደው ነበር፤ ብድሩም ወለድ የሌለው፣ መመለሻ ቀን የሌለው፣ ለሦስት ተከታታይ ዓመት አንድ ሳንቲም ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ነበር። በወረቀት የተጣራ ሀብቱ አልጎደለም፤ ብድሩ እንደ ንብረት ተቆጥሯልና። ካዝናው ግን ጎድሏል። የዱቤ አቅራቢ የሆነ ሰው የሒሳብ መግለጫ የማየት ዕድል ካገኘ ከባለአክሲዮኖች የሚሰበሰብ የሚለውን መስመር ይፈልግ፤ ቁጥሩ ትልቅ ከሆነና ከዓመት ዓመት ካልተለወጠ፣ የባለአክሲዮኖች መዝገብም በተመሳሳይ ጊዜ ተለውጦ ከሆነ፣ ያንን መስመር ከንብረቱ ላይ ቀንሶ ማኅበሩን እንደገና ይመዝነው።

ማስታወቂያው ሥራ ያጓትታል ላሉት አንድ ነገር እጨምራለሁ። የእኔ ቅሬታ ከእሳቸው ተቃራኒ ነው። አዲስ አበባ በሚታተም ጋዜጣ የወጣ የካፒታል ቅነሳ ማስታወቂያ አጋሮ አጠገብ እሸት ቡና ያስረከበው ገበሬ ጋ አይደርስም፤ የተቃውሞው ጊዜ ሳያውቀው ያልቃል። ሕጉ እንዲሻሻል ከተፈለገ ማስታወቂያው ቡናው በተመዘነበት በማጠቢያ ጣቢያው በር ላይ፣ በሚያነቡት ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም እንዲለጠፍ ይደረግ።